ብቻ ለተሄደበት ፎቶ ምን ይጻፍ?

ብቻዋን እንጦጦ የወጣች ሴት ስልኳን ድንጋይ ላይ አስደግፋ፣ ሰዓት ቆጣሪውን 10 ሰከንድ ላይ አድርጋ፣ በባሕር ዛፎቹ መሀል ስትራመድ ራሷን ታነሳለች። የሚያስቸግረው ከፎቶው ሥር የሚጻፈው ነው።

«ማንም አያስፈልገኝም» ብትል ኩርፊያ ይመስላል፤ «አይዞሽ» የሚላትም አይጠፋም። ይልቅ ያደረገችውን ትጻፍ፦ «ደክሞኝ ተቀመጥኩ። እንሂድ የሚለኝ ስላልነበረ ቆሎዬን ጨርሼ ተነሣሁ።» እዚህ ላይ ፉከራ የለም፤ ቆሎው ይበቃል።

ነገሩ ለሁሉም ቀላል አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ ብዙዎች ከ6 እስከ 15 ደቂቃ ብቻቸውን ከሐሳባቸው ጋር መቀመጥ እንዳላስደሰታቸው አሳይቷል።

ፎቶውን ግን ከተራራው ከወረደች በኋላ ብትለጥፈው ይሻላል። የት ብቻዋን እንዳለች ለማታውቀው ሰው ሁሉ በሰዓቱ መንገር ምን ይጠቅማታል?