ከምርቃቱ ዜና የጎደለው ጥያቄ

የምርቃት ሰሞን ሲደርስ «ዓይነ ስውርነት ሳይበግረው በማዕረግ ተመረቀ» የሚል ዜና አይጠፋም። እናት ያለቅሳሉ፤ መምህሩ ስለ ጽናቱ ይመሰክራሉ። አንባቢም ከንፈሩን ይመጥጣል፤ አለዚያም «ታዲያ እኔ ምን ሰበብ አለኝ?» ብሎ ያልፋል። ልጁ እንዴት እንደተማረ ግን የነገረው የለም።

ለምሳሌ ያህል አንድ ተመራቂ እናስብ። ዘጋቢዋ «ዓይንህ እንዴት ጠፋ?» ማለቱን ትታ «በምን ታነብ ነበር?» ብላ ትጀምራለች። በስክሪን ሪደር፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ ያለ ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም እንደሆነ ይነግራታል። ችግሩ መምህሩ ሃንዳውቱን በስልክ ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይልኩታል። ፎቶ ደግሞ ለፕሮግራሙ ሥዕል እንጂ ጽሑፍ ስላልሆነ ብዙ ጊዜ አያነበውም። ስለዚህ ተማሪው ጓደኛው እስኪመቸው ይጠብቃል። ፈተና ላይም ጥያቄውን የሚያነብለት ሰው አርፍዶ ሲመጣ የሚባክነው የተማሪው ሰዓት ነው።

አሁን ዘጋቢዋ የምትጠይቀው ሌላ ሰው አገኘች፦ የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ። የተተየበው ፋይል ለምን አይላክም? ለባከነው ሰዓት ማካካሻ አለ? የመጀመሪያው ዜና እንቅፋቱን በልጁ ዓይን ላይ ስላሳበበ እነዚህ ጥያቄዎች ሊነሡ አይችሉም ነበር። የልጁ ትጋት እውነት ነው፤ ግን የተጋበት ግማሹ ትምህርቱ ሳይሆን የፋይሉ ጉዳይ ነበር።

እናትና መምህርም ይናገሩ፤ ስላዩት ነገር እንጂ በእሱ ፈንታ አይሁን። መስማት የተሳነውን ሰው በአስተርጓሚ ስናነጋግርም ዓይናችን እሱ ላይ ይሁን፤ «ምን ተሰማው?» ሳይሆን «ምን ተሰማህ?» እንበል። መልሱም የሚጻፈው በእሱ ስም ነው።

በዊልቸር ትንቀሳቀስ የነበረችው አውስትራሊያዊት ጋዜጠኛና ኮሜዲያን ስቴላ ያንግ በ2014 እ.ኤ.አ. ሲድኒ ላይ ባደረገችው ንግግር አንድ ታሪክ አንሥታ ነበር። የ15 ዓመት ልጅ ሳለች አንድ የአካባቢዋ ሰው ለሽልማት ሊያጫት ወላጆቿን ጠየቀ። እነሱ ግን ልጃቸው ለሽልማት የሚያበቃ ምንም የተለየ ነገር እንዳልሠራች ነገሩት። እንደማንኛውም ልጅ ትምህርት ቤት ትሄድ ነበር፤ ያ ብቻ ነው።

ከዚህ ለዜና ክፍሉ የሚጠቅም መፈተኛ ይገኛል። ድርጊቱን ጉዳት የሌለበት ሰው ቢፈጽመው ዜና ይሆን ነበር? ካልሆነ፣ ወይ የሚጻፍ ነገር የለም፣ ወይም ዜናው ሌላ ቦታ ነው። አንድ ዓይነ ስውር ጠበቃ ስለ ግብር ሕግ ሲያብራራ ዓይኑን ማንሣት አያስፈልግም፤ የፍርድ ቤቱን ሰነድ በሚያነበው መልክ ሲነፈግ ግን ያስፈልጋል። አንዲት ተማሪ ደረጃውን በእጇ እየዳኸች ሦስተኛ ፎቅ ብትወጣም ርዕሱ የእሷ ጀግንነት አይደለም፤ ክፍሉ ለምን ወደ ምድር ቤት እንዳልተዛወረ የሚመልሰው ሰው ነው።