ይናገሩታል ወይስ ይጽፉታል?

ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሥራ ማመልከቻ የሚሞላ ሰው፣ ትምህርቱንና የሥራ ልምዱን ሲያርምና ሲደልዝ ያመሽና የቋንቋው ክፍል ላይ ሲደርስ ይቸኩላል። ማስታወቂያው «የግድ» ያለውን ቋንቋ የማያሟላ ማመልከቻ ግን የቀረው ክፍል የቱንም ያህል ቢያምር ከማጣሪያው አያልፍም።

ድርጅቱ ቋንቋን በአንድ ቃል አይመዝንም። መረዳት፣ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ ለየብቻ ይሞላሉ። የድርጅቱ የቋንቋ ማዕቀፍ አራት ደረጃዎች ያሉት ሲሆን፣ በቅርብ ዓመታት የሚወጡ የሴክሬታሪያቱ ማስታወቂያዎች ለእያንዳንዱ ክህሎት የሚፈለገውን ዝቅተኛ ደረጃ ለይተው ያስቀምጣሉ። ስለዚህ በአራቱም ቦታ አንድ ዓይነት መልስ መሙላት ብዙ ጊዜ እውነቱን አይናገርም።

ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች አንዲት ወጣት እናስብ። የተማረችው በአማርኛ ነው። አፋን ኦሮሞና ሶማልኛን ከጎረቤትና ከገበያ ለመደች። ፈረንሳይኛን ደግሞ ከሥራ በኋላ በማታ ተማረች። የምታመለክተው ለሁለት ቦታ ነው፤ አንዱ ጅግጅጋ አካባቢ ስደተኞችን የሚመዘግብ ሠራተኛ ይፈልጋል፣ ሌላው አዲስ አበባ ውስጥ ፈረንሳይኛ የሚያስፈልገው የምርምር ረዳትነት ነው።

ሶማልኛ ከ1972 ጀምሮ በላቲን ፊደል ይጻፋል፤ አፋን ኦሮሞም በቁቤ። እሷ በትምህርት ቤት ሁለቱንም ስላልተማረች፣ «መጻፍ ስለማልችል ቋንቋዬ ነው አልልም» ብላ ሳትሞላቸው ልታልፍ ትችላለች። ጉዳቱ እዚህ ላይ ነው። ስደተኛ ሲመዘገብ የቤተሰቡን ሁኔታ፣ የመጣበትን መንገድና ያጋጠመውን የሚናገረው በአፉ ነው። መዝጋቢዋ በሶማልኛ ጠይቃ መልሱን ቅጹ ላይ በእንግሊዝኛ ካሰፈረች፣ አስተርጓሚ የሚወስደው ጊዜ ይቀራል። ስለዚህ መረዳትና መናገር ላይ ከፍተኛውን፣ ማንበብ ላይ ዝቅተኛውን ትሙላ፤ መጻፍ ላይም የማትችል መሆኗን ሳትሸሽግ ታስቀምጥ። እንዲህ ተከፋፍሎ የተሞላ ቅጽ አመልካቿ ችሎታዋን አንድ በአንድ እንደመዘነች ያሳያል። አማርኛንም አትርሳ። ከስድስቱ የድርጅቱ ይፋዊ ቋንቋዎች አንዱ አይደለም ብለው የሚተዉት አሉ፤ ለአገር ውስጥ ቦታ ግን አማርኛ የግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

የፈረንሳይኛው ጉዳይ የተገላቢጦሽ ነው። ልጅቷ ዴልፍ ቢ2 የሚባለውን ፈተና ተፈትና ከ100 54 አገኘች እንበል። ይህ ፈተና አራቱን ክህሎት እያንዳንዳቸውን ከ25 ይመዝናል፤ ለማለፍ በድምሩ 50፣ በእያንዳንዱም ቢያንስ 5 ማግኘት ይበቃል። የእሷ ውጤት በንባብ 21፣ በማዳመጥ 16፣ በንግግር 9፣ በጽሑፍ 8 ነው። ምስክር ወረቀቱ የእውነት የእሷ ነው፤ «ቢ2 አለኝ» ብላ አራቱንም ከፍተኛ ብትሞላ ግን የውጤት ዝርዝሩ ይክዳታል። ለእጩዎች በሰዓት የተገደበ የጽሑፍ ፈተና መስጠት የተለመደ ነው። በቃለ መጠይቁም ላይ አንዱ ጠያቂ ድንገት ወደ ፈረንሳይኛ ሊዞር ይችላል። አመልካቹ የሞላው ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጦ ስለሚልክም፣ ሐሰት መሆኑ ከተደረሰበት ከውድድር ሊያስወጣው፣ ከተቀጠረ በኋላም ሊያሰናብተው ይችላል። ሥራው የፈረንሳይኛ ሰነድ እያነበቡ በእንግሊዝኛ ማጠቃለል ከሆነ፣ ማንበቧን ከፍ፣ መጻፏን ዝቅ አድርጋ መሙላቷ ለቦታው ይስማማል። በፈረንሳይኛ ረቂቅ ማዘጋጀት የግድ ከሆነ ግን ገና አልደረሰችም።

ራስን ለመመዘን ብዙ አያስፈልግም። ለማያውቁት ባለሥልጣን፣ ስብሰባ ለምን እንደተራዘመ የሚያስረዳ የግማሽ ገጽ ደብዳቤ ያለ መዝገበ ቃላት በሃያ ደቂቃ ይጻፉና ቋንቋውን አሳምሮ ለሚያውቅ ሰው ያሳዩ። አንባቢው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እንደ አዲስ መጻፍ ካስፈለገው፣ በጽሑፍ ከፍተኛውን ደረጃ ለመሙላት ጊዜው ገና ነው። ለንግግርም እንዲሁ፤ ሰላምታና የገበያ ወሬ ሳይሆን፣ አንድን የሥራ ችግር አስረድቶ ለተከታዩ ጥያቄ እዚያው መመለስን ይሞክሩ።

ደረጃው ብቻውን ደግሞ ደረቅ ነው፤ ማስረጃው የሥራ ልምዱ ክፍል ውስጥ መታየት አለበት። «ከተረጂዎች ጋር ሠርቻለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር በየትኛው ቋንቋ እንደሠራች አይናገርም። «የእርዳታ ፈላጊ ቤተሰቦችን በሶማልኛ አነጋግሬ ሪፖርቱን በእንግሊዝኛ ጽፌያለሁ» ብትል ግን፣ ማን ምን እንደሰማና በምን ቋንቋ እንደጻፈ ይታያል። በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ያደገ፣ ከእናቱ ጋር በአማርኛ የሚያወራ ፊደል ግን የማያነብ ወጣትም የሚሞላው በዚሁ መንገድ ነው፤ ያስተረጎመው በስልክ ከሆነ በስልክ መሆኑን፣ የተረጎመው ሰነድ ከሌለም አለመኖሩን።