የምት ሰንጠረዥ (እንግሊዝኛ)

የምት ሰንጠረዥ፣ በእንግሊዝኛ ስሙ ሜትሪካል ግሪድ፣ በአንድ ቃል ውስጥ የትኛው ቀለም ጎልቶ፣ የትኛው ደግሞ ደክሞ እንደሚነገር በምልክቶች ከፍታ የሚያሳይ የሥነ ልሳን ዘዴ ነው። ዘዴውን በ1975 እ.ኤ.አ. ማርክ ሊበርማን አቀረበው፤ በ1977 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከአለን ፕሪንስ ጋር ሆኖ አስፋፋው።

በዚህ ጽሑፍ «ቀለም» ማለት በአንድ አናባቢ ዙሪያ የሚነገር የቃል ክፍል ነው፤ ለምሳሌ ካናዳ ሦስት ቀለም አለው። አንድ ቀለም ከጎረቤቶቹ ጎልቶ ሲነገር «አጽንኦት አለው» ይባላል። በአማርኛ ትርጉም የሚለየው ብዙውን ጊዜ ጥብቀትና ላልነት ነው፤ «አለ» ሲላላና ሲጠብቅ ሁለት የተለያዩ ቃላት ይሆናል። በእንግሊዝኛ ግን ጥብቀት ይህን ሥራ አይሠራም፤ በብዙ ቃላት ላይ የሚሠራው አጽንኦት ነው።

## ትሮኪ እና አያምብ

ቀለሞች ሁለት ሁለት እየሆኑ ሲጣመሩ ጥንዱ «እግር» ይባላል። ብርቱው ቀድሞ ደካማው ከተከተለ እግሩ ትሮኪ ነው። ደካማው ቀድሞ ብርቱው ከተከተለ አያምብ ነው።

ሁለቱን በግልጽ የሚያሳየው ሪኮርድ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ስም ሆኖ «መዝገብ» ሲል አጽንኦቱ በመጀመሪያው ቀለም ላይ ስለሚያርፍ ትሮኪ ነው። ግሥ ሆኖ «መዘገበ» ሲል ደግሞ በሁለተኛው ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ አያምብ ነው። የፊደል አጻጻፉ አይለወጥም፤ ልዩነቱ የሚሰማው በምቱና በአናባቢዎቹ ነው።

## አሠራሩ

ሰንጠረዡ ሦስት መስመሮች አሉት። ለምሳሌ የአሜሪካን ግዛት ስም አሪዞናን እንውሰድ።

0ኛ መስመር። ከእያንዳንዱ ቀለም በላይ አንድ ምልክት ይቀመጣል። አሪዞና አራት ቀለም ስላለው አራት ምልክት ያገኛል።

1ኛ መስመር። ቀለሞቹ ከቀኝ ወደ ግራ በትሮኪ ይጣመራሉ፤ የእያንዳንዱ ጥንድ የግራ ቀለም ሁለተኛ ምልክት ይጨመርለታል። ሦስትና ከዚያ በላይ ቀለም ባላቸው ስሞች ላይ ግን አስቀድሞ ከመጨረሻው በፊት ያለው ቀለም መታየት አለበት። ያ ቀለም ረጅም አናባቢ ካለው ወይም በተነባቢ ከተዘጋ «ከባድ» ይባላል፤ የመጨረሻው ጥንድም ከእሱ ይጀምራል። «ቀላል» ከሆነ ግን የቃሉ የመጨረሻ ቀለም ከጥንድ ውጭ ይተውና ከእሱ በፊት ያሉት ሁለቱ ይጣመራሉ። በአሪዞና ውስጥ ዞ በእንግሊዝኛ ረጅም አናባቢ ስላለው ከባድ ነው። ስለዚህ ጥንዶቹ (አ ሪ) እና (ዞ ና) ናቸው።

2ኛ መስመር። በ1ኛው መስመር ምልክት ካላቸው ቀለሞች መካከል በስተቀኝ መጨረሻ ላይ ያለው አንዱ ብቻ ሦስተኛ ምልክት ያገኛል። የቃሉ ዋና አጽንኦት እሱ ነው።

| መስመር | አ | ሪ | ዞ | ና |
|---|---|---|---|---|
| 2 | | | x | |
| 1 | x | | x | |
| 0 | x | x | x | x |

ምልክቶቹ ወደ ላይ ሲቆጠሩ ከፍታው 2-1-3-1 ይሆናል። ዞ ዋናው አጽንኦት፣ አ ሁለተኛው አጽንኦት ነው፤ ሪ እና ና ደካማ ናቸው። አንድ ምልክት ብቻ ያለው ቀለም በእንግሊዝኛ ብዙ ጊዜ አናባቢው ይደበዝዝና ወደ አማርኛው «ኧ» ይጠጋል። በዚህም ቃሉ በአሜሪካውያን አፍ «ኤረዞነ» ለሚለው የቀረበ ድምፅ አለው። አራቱንም ቀለሞች እኩል አድርጎ የሚያነብ ሰው ፊደሉን ሳይስት ምቱን ይስታል።

አሜሪካ በሚለው ቃል ላይ ደግሞ ሪ ቀላል ስለሆነ ካ ከጥንድ ውጭ ይቀራል። ጥንዱ (ሜ ሪ) ይሆናል፤ የመጀመሪያው አ አጣማሪ ስለሌለው በ0ኛው መስመር ላይ ብቻ ይቆያል። ከፍታው 1-3-1-1 ነው። የመጨረሻውን ቀለም ሳይተው ያጣመረ ሰው አጽንኦቱን ሪ ላይ ያሳርፋል፤ ይህም ስህተት ነው።

## ምቱ የሚሸሽበት ሁኔታ

የሰንጠረዡ ጥቅም በደንብ የሚታየው ቃላት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። ሰርቲን፣ ማለትም 13፣ ለብቻው ሲነገር የአያምብ ምት አለው። ይሁንና ሁለቱም ቀለሞቹ ከባድ ስለሆኑ ሁለቱም በ1ኛው መስመር ምልክት አላቸው፤ ከፍታው 2-3 ነው። ሜን፣ ማለትም «ወንዶች»፣ ሲከተለው ለሐረጉ ዋና አጽንኦት 3ኛ መስመር ይጨመራል።

| መስመር | ሰር | ቲን | ሜን |
|---|---|---|---|
| 3 | | | x |
| 2 | | x | x |
| 1 | x | x | x |
| 0 | x | x | x |

በ2ኛው መስመር ላይ የቲን እና የሜን ምልክቶች ተጎራብተዋል። በመካከላቸው በ1ኛው መስመር ላይ የሚያራርቃቸው ሌላ ምልክት የለም። ይህ «የምት ግጭት» ይባላል። ተናጋሪዎች ግጭቱን የሚፈቱት የቲንን ከፍተኛ ምልክት ወደ ግራ በማዛወር ነው።

| መስመር | ሰር | ቲን | ሜን |
|---|---|---|---|
| 3 | | | x |
| 2 | x | | x |
| 1 | x | x | x |
| 0 | x | x | x |

አያምብ የነበረው ቃል በሐረጉ ውስጥ የትሮኪ ምት ያዘ። ምልክቱ የሚዛወረው ግን በ1ኛው መስመር ምልክት ወዳለው ቀለም ብቻ ነው። ፖላይት፣ ማለትም «ትሑት»፣ በሚለው ቃል ውስጥ ፖ ደካማ ስለሆነ 1ኛ መስመር ላይ ምልክት የለውም። ስለዚህ ቃሉ ከማን፣ ማለትም «ሰው»፣ በፊት ቢመጣም አጽንኦቱ ከቦታው አይነቃነቅም።

## ስህተትን መለየት እና የዘዴው ወሰን

የተሠራ ሰንጠረዥ ትክክል መሆኑ በሁለት ነገሮች ይጣራል። አንደኛ፣ ከማንኛውም ምልክት ሥር እስከ 0ኛው መስመር ድረስ ክፍተት መኖር የለበትም። ሁለተኛ፣ በአንድ ቃል ከፍተኛ መስመር ላይ ያለው ምልክት አንድ ብቻ መሆን አለበት።

ደንቡ ሁሉንም ቃል አይተነብይም። ባናና በሚለው ቃል ውስጥ መካከለኛው ቀለም በአሜሪካ አነጋገር ቀላል ነው፤ በደንቡ መሠረት አጽንኦቱ በመጀመሪያው ላይ መዋል ነበረበት። የሚነገረው ግን 1-3-1 ሆኖ ነው። እንዲህ ያሉ ቃላት፣ እንዲሁም ባለ ሁለት ቀለም ቃላት ትሮኪ ወይም አያምብ መሆናቸው፣ ከመዝገበ ቃላት ይረጋገጣል። በመዝገበ ቃላት የድምፅ አጻጻፍ ውስጥ ከቀለሙ በፊት ከላይ ያለች ጭረት ዋናውን፣ ከታች ያለች ጭረት ደግሞ ሁለተኛውን አጽንኦት ታሳያለች።

አያምብ የሚለውን ስያሜ በተመለከተም የሊቃውንት ልዩነት አለ። ብሩስ ሄይስ በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የእንግሊዝኛን እግሮች በትሮኪ ይተነትናል። በዚህ አካሄድ አያምብ የሚመስለው ቃል አንድ ጥንድ አልባ ደካማ ቀለምና ለብቻው እግር የሆነ ከባድ ቀለም ነው። በሁለቱም አካሄድ የሪኮርድ ግሥ ከፍታ 1-3 ስለሆነ ሰንጠረዡ አይለወጥም።

## መልመጃ

የእያንዳንዱን ቃል ሰንጠረዥ ሠርተው ከፍታውን በቁጥር ይጻፉ።

1. ሚኒሶታ (ሶ ረጅም አናባቢ አለው)
2. ነብራስካ (ነ-ብራስ-ካ፤ መካከለኛው ቀለም ዝግ ነው)
3. ካናዳ (ና ቀላል ነው)
4. ኦብጀክት፣ ስም ሲሆን «ዕቃ»፣ ግሥ ሲሆን «ተቃወመ»
5. ፊፍቲን፣ ማለትም 15፣ ለብቻው፤ ቀጥሎም ከደይስ፣ ማለትም «ቀናት»፣ በፊት

### መልስ

1. (ሚ ኒ)(ሶ ታ)፤ 2-1-3-1።
2. ነ (ብራስ ካ)፤ 1-3-1። ነ አጣማሪ የለውም።
3. (ካ ና) ዳ፤ 3-1-1። የመጨረሻው ቀለም ከጥንድ ውጭ ነው።
4. ስሙ ትሮኪ፣ 3-1፤ ግሡ አያምብ፣ 1-3።
5. ለብቻው 2-3። በሐረጉ ውስጥ ቲን ከደይስ ጋር ስለሚጋጭ ምልክቱ ወደ ፊፍ ይዛወራል፤ 3-2-4 ይሆናል።