ምቹው ሦስት ማዕዘንና ግፊት ፈጣሪው ቲ-ስኩዌር

በምዕራባውያን ኮከብ ቆጠራ፣ አንድ ሰው ሲወለድ ፀሐይ፣ ጨረቃና ፕላኔቶች የነበሩበት ቦታ በ360 ዲግሪ ክብ ላይ ይሰፍራል። ኮከብ ቆጣሪው በመካከላቸው ያለውን ርቀት ይለካል።

ለማሳያ አንድ ሰንጠረዥ እናብጅ። ጨረቃ በሸርጣን 10ኛ ዲግሪ፣ ጁፒተር በአቅራብ 12ኛ፣ ቬነስ በሑት 8ኛ ላይ ናቸው እንበል። አንዱ ከሌላው 120 ዲግሪ ገደማ ስለሚርቅ ግራንድ ትራይን ይባላል። ሦስቱም የውኃ ኮከቦች ናቸውና ባለቤቱ የሰው ስሜት ሳይነግሩት የሚገባው ነው ይላሉ። ችግሩ የሚገፋው ነገር አለመኖሩ ነው፤ ያልለፋበትን ችሎታ እንደ ችሎታ ላይቆጥረው ይችላል።

አሁን ሳተርንን በጀዲ 10ኛ፣ ማርስን በሐመል 10ኛ ላይ እንጨምር። ሳተርን ከጨረቃ ጋር በ180 ዲግሪ ይፋጠጣል፤ ማርስ ከሁለቱም በ90 ይርቃል። ይህ ቲ-ስኩዌር ነው። ጨረቃ እረፍትና ቤት ስትሻ ሳተርን ግዴታን ያስታውሳል፤ ውጥረቱ የሚፈነዳው በማርስ በኩል ነው፦ ወይ በቁጣ፣ ወይ በማያርፍ ሥራ። መውጫው ከማርስ ፊት ለፊት ባለው ባዶ ስፍራ፣ በሚዛን 10ኛ ዲግሪ ይፈለጋል፤ ትርጉሙም ሰው ማማከርና መደራደር ነው።

ጨረቃ በሁለቱም ቅርጾች ውስጥ ስላለች አንዱን ዕድል፣ ሌላውን እርግማን ማለት አያስኬድም። ልዩነቱ ከ8 ዲግሪ ካለፈ ግን ብዙዎች ቅርጹን አይቀበሉትም።

ይህ ሁሉ የትውፊት ንባብ ነው፤ ሾን ካርልሰን በ1985 እ.ኤ.አ. በኔቸር መጽሔት ባሳተመው ሙከራ ኮከብ ቆጣሪዎች ሰንጠረዥን ከባለቤቱ ጠባይ ጋር ያዛመዱት ከግምት ባልተሻለ ውጤት ነበር።