ኢሜይል በስልክ ሲነበብ

በኮምፒዩተር አራት መስመር የያዘ አንቀጽ በስልክ ሲከፈት አሥር መስመርና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ሁለት እንዲህ ያሉ አንቀጾች ስክሪኑን ይሞሉታል፤ ዋናው ጉዳይ ሦስተኛው ላይ ከሆነ ብዙ አንባቢ ሳይደርስበት ኢሜይሉን ይዘጋዋል።

ኢሜይሉ ገና ሳይከፈት ስልኩ ላይ የሚታዩት የላኪው ስም፣ ርዕሱና ከመልእክቱ መጀመሪያ የተወሰዱ ጥቂት ቃላት ናቸው። በአማርኛ የሥራ ደብዳቤ ልማድ ይህን ውድ ቦታ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ሰላምታ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የሥልጠና ቀን መቀየሩን ሲያሳውቅ እንዲህ ጻፈ እንበል፦

«በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን፣ ማክሰኞ ጥር 12 በአዳማ ሊሰጥ ታስቦ የነበረው ሥልጠና በአዳራሽ ችግር ምክንያት ወደ ሐሙስ ጥር 14 የተዛወረ መሆኑን እየገለጽን፣ መገኘትዎን እስከ ዓርብ ጥር 8 እንዲያሳውቁን እንጠይቃለን።»

ርዕሱ ደግሞ «ማሳወቅን ይመለከታል» ይላል። ከዚህ ርዕስና ከሰላምታው ምን እንደተቀየረ ማወቅ አይቻልም። አንባቢው ከፍቶ ሲያነብም መጀመሪያ የሚያገኘው የቀረውን ቀን ነው። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ዓረፍተ ነገሩ በ«እያቀረብን» እና በ«እየገለጽን» በተንዛዛ ቁጥር የሚፈለገው ነገር ወደ ታች ይሸሻል። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ አራት ነጥብ ላይ መድረስ ለአማርኛ ኢሜይል በተለይ ይጠቅማል። ያው መልእክት ርዕሱ «ሥልጠናው ወደ ሐሙስ ጥር 14 ተዛወረ» ተብሎ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። የአዳማው ሥልጠና ወደ ሐሙስ ጥር 14፣ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ተዛውሯል።

መገኘትዎን እስከ ዓርብ ጥር 8 በዚህ ኢሜይል ያሳውቁን።

ቀኑ የተቀየረው አዳራሹ ማክሰኞ ባለመገኘቱ ነው።»

አክብሮቱ አልተነካም፤ ሰላምታው አጠረ እንጂ አልቀረም። ምክንያቱ መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ሳይነበብ ቢቀር እንኳ ሥልጠናው የሚያመልጠው ሰው ስለማይኖር ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ የዘነጋው ሰዓትም አሁን ተጽፏል፤ መልእክት ሲያጥር የጎደለው ነገር ቶሎ ይታያል። ተቀባዩ ውጭ አገር ከሆነ ግን «3፡00 ሰዓት» ስለሚያሳስት የፈረንጁን ሰዓትና ቀን አብሮ መጻፍ ያስፈልጋል።

ለአንድ አንቀጽ አንድ ጉዳይ፣ ከሁለት እስከ ሦስት አጭር ዓረፍተ ነገር ይበቃል። በአንቀጾቹ መካከል ባዶ መስመር ይተዋል። አንቀጽ ሳያልቅ በየመስመሩ ጫፍ «Enter» መጫን ግን ጉዳት አለው፦ በኮምፒዩተር የተስተካከለው ጽሑፍ በስልክ አንዱ መስመር ረጅም፣ ቀጣዩ ሁለት ቃል ብቻ ሆኖ ይቆራረጣል።

ውል ወይም ዝርዝር ሪፖርት በዚህ መንገድ አያጥርም፤ በአባሪ ይላካል። አባሪው ውስጥ ያለው ቀን፣ ገንዘብ ወይም ውሳኔ ግን ኢሜይሉ ላይም መጻፍ አለበት፤ ለኤ4 ወረቀት የተዘጋጀ ገጽ በስልክ ሲከፈት ፊደሉ እጅግ ስለሚያንስ አንባቢው እያሰፋና ወዲያ ወዲህ እየጎተተ ለማንበብ ይገደዳል።