አርባ በመቶ ስሕተት፣ አንድም በስሕተት ያልተሰማ ቃል

አንድ የሬዲዮ ዜና አንባቢ እንዲህ ይላል እንበል፦ «ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር የጣለው ኃይለኛ ዝናብ የገበሬውን ሥራ አስተጓጉሏል»። ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይሩ ሁለት ፕሮግራሞች ይህን ሰምተው እንዲጽፉ ተደረገ። የመጀመሪያው የጻፈው ይህን ነው፦

«ባለፈው አመት በሀምሌ ወር የጣለው ሀይለኛ ዝናብ የገበሬውን ስራ አስተጓጉሏል።»

ሁለተኛው ደግሞ ይህን ጻፈ፦

«ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር የጣለው ኃይለኛ ዝናብ የከበረውን ሥራ አስተጓጉሏል።»

የትኛው በደንብ እንደሰማ ለመፍረድ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። የመጀመሪያው ሁሉንም ቃል ሰምቷል። ሁለተኛው ገበሬውን ከዜናው አውጥቶታል። በመላው ዓለም ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው መለኪያ ግን ለመጀመሪያው 40 በመቶ፣ ለሁለተኛው 10 በመቶ ስሕተት ይመዘግባል።

መለኪያው የቃል ስሕተት መጠን ይባላል፤ በእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃሉ WER ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። በመጀመሪያ አንድ ሰው ድምፁን አዳምጦ በጥንቃቄ ይጽፋል፤ ይህ መመሳከሪያ ይሆናል። ከዚያ የፕሮግራሙ ጽሑፍ ከመመሳከሪያው ጎን ይቀመጥና አንዱን ወደ ሌላው ለመቀየር ቢያንስ ስንት እርማት እንደሚያስፈልግ ይቆጠራል። እርማቱ ሦስት ዓይነት ነው፦ በሌላ ቃል የተተካ፣ የተዘለለ፣ ያለቦታው የገባ። ድምሩ በመመሳከሪያው ቃላት ብዛት ይካፈላል፦

WER = (S + D + I) / N

S የተተኩት፣ D የተዘለሉት፣ I ያለቦታቸው የገቡት፣ N ደግሞ መመሳከሪያው ያሉት ቃላት ቁጥር ነው። «ቢያንስ ስንት እርማት» የሚለው ሐሳብ የሩሲያዊው የሒሳብ ሰው የቭላዲሚር ሌቨንሽታይን ነው፤ በ1965 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ርቀት ዛሬም በስሙ ይጠራል። ዓረፍተ ነገራችን ዐሥር ቃላት አሉት። በመጀመሪያው ፕሮግራም ጽሑፍ «ዓመት»፣ «በሐምሌ»፣ «ኃይለኛ» እና «ሥራ» ተተክተዋል፤ አራት በዐሥር፣ 40 በመቶ። በሁለተኛው የተተካው «የገበሬውን» ብቻ ነው፤ አንድ በዐሥር።

ማሽኑ ቃላትን የሚያነጻጽረው በፊደላቸው መለያ ቁጥር እንጂ በድምፃቸው አይደለም። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር ተሰጣቸው። የተሰጣቸውም በትክክል ነው፤ በግዕዝ የተለያዩ ድምፆች ነበሩና። አማርኛ ድምፆቹን አዋሕዶ ፊደሎቹን እንዳሉ አስቀረ፤ ሞክሼ የምንላቸው እነዚህ ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ። በዚህ ላይ ሀ ከራብዑ ከሃ ጋር፣ አም ከኣ ጋር በድምፅ አይለይም። ስለዚህ «ፀሐይ» የሚለውን ቃል አንባቢ ሳይደናገር በዐሥራ ሁለት መንገድ መጻፍ ይቻላል፦ ሁለት ምርጫ ለመጀመሪያው ፊደል፣ ስድስት ለሁለተኛው። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለው ስም ሃያ አራት መልክ ያወጣል፤ አጣብቀው የሚጽፉት ሲጨመሩ አርባ ስምንት። በእርግጥ ከእነዚህ አብዛኞቹን ማንም አይጽፋቸውም፤ ግን አምስት ስድስቱ በየጋዜጣው ይገኛሉ።

ችግሩን የሚያብሰው ሞክሼዎቹ የሚበዙት ከአፍ በማይጠፉ ቃላት ላይ መሆኑ ነው። ሥራ፣ ዓመት፣ ሕዝብ፣ ዓለም፣ ኃላፊ፣ ሰዓት፣ ጽሑፍ፤ ከእነዚህ አንዱ የሌለበት የዜና አንቀጽ ማግኘት ያስቸግራል። አንድ ማተሚያ ቤት የግዕዙን ሥርወ ቃል ይከተላል፤ ሌላው በኮምፒዩተሩ ገበታ ላይ የቀረበውን ይመታል። በአንድ የድምፅ ግልባጭ ፕሮጀክት ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ጸሐፊዎች እንኳ አንዱ «ሥራ»፣ ሌላው «ስራ» ይላሉ፤ ሁለቱም ተሳስተሃል ቢባሉ አይስማሙም።

ከዚህ የሚመጣው መዛባት ሁለት መልክ አለው። በምሳሌው እንዳየነው ጥሩ የሚሰማውን ፕሮግራም ሊያስወቅስ ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ሊያስመሰግን ይችላል፦ ፕሮግራሙ የሠለጠነውም የተፈተነውም በአንድ ጋዜጣ ጽሑፍ ከሆነ የቤቱን አጻጻፍ ለምዶታልና ውጤቱ ያማረ ይሆናል። ያው ፕሮግራም በሌላ ቤት ጽሑፍ ሲፈተን ስሕተቱ ያሻቅባል፤ ባለቤቶቹም ምናልባት የተናጋሪዎቹ ዘዬ ይሆናል ብለው ማይክሮፎን መፈተሽ ይጀምራሉ። በሥልጠናው ጊዜም ጉዳት አለ። በ2005 እ.ኤ.አ. እነ ሰሎሞን ተፈራ አባተ ያዘጋጁት ታዋቂው የአማርኛ የንባብ ድምፅ ስብስብ ሃያ ሰዓት ያህል ነው። እንዲህ ባለ ጠባብ ክምችት ውስጥ አንድ ቃል በሁለት አጻጻፍ ከተከፈለ፣ ማሽኑ ለእያንዳንዱ የሚያገኘው ምሳሌ በዚያው ልክ ይሳሳል።

ከሞክሼ ቀጥሎ የሚያስቸግረው ክፍተት ነው። መመሳከሪያው «ትምህርት ቤት» ብሎ ፕሮግራሙ «ትምህርትቤት» ቢል አንድ ተተካ፣ አንድ ተዘለለ ተብሎ ሁለት ስሕተት ይቆጠራል፤ የጎደለው ግን አንድ ባዶ ቦታ ብቻ ነው። ቁጥር ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። መመሳከሪያው «2016 ዓ.ም.» ብሎ ሁለት ቃል ሲያስቀምጥ፣ ፕሮግራሙ በሰማው መሠረት «ሁለት ሺህ ዐሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት» ብሎ ስድስት ቃል ይጽፋል። ሁለቱ ተተኩ፣ አራቱ ያለቦታቸው ገቡ፤ ስድስት በሁለት፣ ሦስት መቶ በመቶ። የቃል ስሕተት መጠን ከመቶ ሊያልፍ እንደሚችል ብዙ ሰው የሚያውቀው እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያጋጥመው ነው። ሥርዓተ ነጥብን ለማጥፋት የሚደረገው የተለመደ ጽዳትም ጣጣ አለው፦ «/» እና ነጥቡን በባዶ ቦታ የሚተካ መሣሪያ «ዶ/ር»ን ወደ «ዶ ር»፣ «ዓ.ም.»ን ወደ «ዓ ም» ሰንጥቆ ያልነበሩ ቃላት ይፈጥራል።

አንዳንዶች መፍትሔው ቃል መቁጠር ትቶ ፊደል መቁጠር ነው ይላሉ። ለአማርኛ ይህ ሌላም ምክንያት አለው፤ «ስለማይመጡልን» ብለን በአንድ ቃል የምንለውን እንግሊዝኛ በአምስት በስድስት ቃል ስለሚለው፣ አንድ ፊደል ቢሳሳት ሙሉውን ቃል መጣል ለእኛ ከባድ ቅጣት ነው። ግን ወደ ምሳሌያችን እንመለስ። ዓረፍተ ነገሩ ያለ ክፍተት 39 ፊደላት አሉት። የመጀመሪያው ፕሮግራም የለወጠው አራት ነው፤ ዐሥር በመቶ ያህል። ሁለተኛው የለወጠው ሁለት ነው፤ ገን በከ፣ ሬን በረ፤ አምስት በመቶ ያህል። ቁጥሮቹ ትንሽ ሆኑ፤ ፍርዱ ግን ያው ነው፣ ገበሬውን ያጠፋው አሁንም አሸናፊ ነው።

የሚሠራው መፍትሔ ከመቁጠር በፊት ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ማምጣት ነው። ሠንጠረዥ ይዘጋጃል፦ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓ እና ኃ ሁሉም ሀ ይሆናሉ፤ ሠ ሰ፣ ዐ ዓ እና ኣ አ፣ ፀ ጸ ይሆናሉ፤ ከካዕብ እስከ ሳብዕ ያሉት እርባታዎችም እንዲሁ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የሀ እና የሃ መስመር ነው፤ ሰዎች ሐን ወደ ሀ፣ ሓን ወደ ሃ ቀይረው ያቆማሉ፣ «ሀይል» እና «ሃይል» እንደተለያዩ ይቀራሉ። ሠንጠረዡ በመመሳከሪያውም በፕሮግራሙም ጽሑፍ ላይ እኩል ይሠራል። በእኛ ምሳሌ የመጀመሪያው ፕሮግራም ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ ሁለተኛው በ10 በመቶው ይቆያል።

ሠንጠረዡ ግን ሁሉን አይደርስበትም። «መጥቷል»፣ «መጥቶአል» እና «መጥቱዋል»፤ «ኮምፒዩተር» እና «ኮምፒውተር»፤ «ሺ» እና «ሺህ» ከሞክሼ ውጭ ናቸው፣ ለየብቻ ዝርዝር ይፈልጋሉ። ከመጠን በላይም የሚሄድበት ጊዜ አለ፦ ሥዕል የሚሥለውን «ሠዓሊ» እና የሚለምነውን «ሰአሊ» አንድ ያደርጋቸዋል። በድምፅ ስለማይለዩ የመስማት ችሎታን ለመለካት ይህ ብዙም አይጎዳም። ችግር የሚሆነው ሠንጠረዡ ከመለኪያው አልፎ ለአንባቢ በሚቀርበው ጽሑፍ ላይ ሲጫን ነው። በፊልም ግርጌ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ላይ ስሟን «ዓለምፀሐይ» ብላ የምትጽፍ ሴት «አለምጸሀይ» ሆና መቅረብ የለባትም።

ስለዚህ ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን ማውጣት ይሻላል፤ ሞክሼው ሳይነካ የተለካውን እና ከተዋሐደ በኋላ የተለካውን። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የፊደል ምርጫ ድርሻ ነው፣ የቀረው በአብዛኛው የጆሮ ነው። አንድ ቁጥር ብቻ ይዞ የሚመጣ ሻጭ ካለ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። ቁጥሩን የማያምን ሰው ደግሞ ያለ ፕሮግራመር ሊፈትሽ ይችላል፦ የተተኩትን ቃላት ጥንድ ጥንድ አድርጎ ብዙ ጊዜ ከተደጋገመው ጀምሮ መደርደር። ከላይ «ሥራ–ስራ»፣ «ዓመት–አመት» ከተሰለፉ ማሽኑ ሰምቷል፤ «ገበሬ–ከበረ» ዓይነቱ ከበዛ አልሰማም። ሌላው ፈተና አንድ ቅጂ ለሁለት ሰዎች ሰጥቶ የአንዱን ጽሑፍ በሌላው መለካት ነው። ሁለት ጠንቃቃ ሰዎች እርስ በርሳቸው 15 በመቶ ከተለያዩ፣ በአንዳቸው ጽሑፍ የሚፈተን ማሽን 15 በመቶ ቢያመጣ ሰው የሚሠራውን ያህል ሠርቷል ማለት ነው።

ሠንጠረዡን ወደ ጎረቤት ቋንቋ ይዞ መሄድ ግን አይቻልም። በትግርኛ ሐ ከሀ፣ ዐም ከአ የሚለይ የራሱ ድምፅ አለው፤ እነሱን አንድ ማድረግ ማሽኑ በእውነት የሳተውን ሰማ ብሎ መመዝገብ ይሆናል። ለአማርኛ የተሠራው ሠንጠረዥ ለትግርኛ ቢበዛ የሚያገለግለው በሠ እና ሰ፣ በፀ እና ጸ ላይ ነው።