ቤቱ የልጆች፣ መኖሪያነቱ የእናት

በኢትዮጵያ ሕግ ሟች ኑዛዜ ካልተወ በሕይወት የቀረው የትዳር ጓደኛ ወራሽ አይደለም፤ የሚደርሰው ከጋራ ሀብቱ ግማሹ ነው። ስለዚህ ባል ከጋብቻ በፊት የሠራውን ቤት ልጆቹ ሲወርሱ፣ ሃያ ዓመት የኖረችበትን ሚስቱን ውጪ ሊሏት ይችላሉ። ያሳዝናል፤ ግን መላ አለው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ «የአላባ ጥቅም» የሚለው መብት አለ። ባል በኑዛዜው ባለቤትነቱን ለልጆቹ፣ ይህን መብት ለሚስቱ ይሰጣል። ዕድሜዋን ሙሉ ትኖርበታለች፣ ብትፈልግም ታከራየዋለች፤ ቤቱን መሸጥ ወይም ማፍረስ ግን አትችልም። ስትሞት መብቱ ያበቃል፤ ለወራሾቿ አይተላለፍም።

ኑዛዜው «ትኑርበት» ብቻ ካለ ማከራየቱ ያጨቃጭቃል። ስለዚህ «የአላባ ጥቅም» ብላችሁ በግልጽ አስጽፉ፤ በአራት ምስክሮች ፊትም ይነበብ።